ከንክሻው በፊት ያሉት ደቂቃዎች

ልጁ ሃያ ሁለት ወሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ይውላል። በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ነከሰ፤ ሁለቴ ክንድ፣ አንዴ ትከሻ፣ አንዴ ጉንጭ። ጉንጯ ላይ ጥርስ ታትሞባት ቤቷ የገባችው ሕፃን እናት በማግስቱ በር ላይ ቆማ «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ ልጄን ልውሰድ» አለች። የነካሹ እናት ደግሞ አንገቷን ደፍታ መግባትና መውጣት ጀመረች። አያቱ «መልሰሽ ንከሺው፣ ሕመሙን ይወቀው» ብለዋታል። ጎረቤቷ ከንፈሩን በርበሬ እንድታስነካው መክራታለች።

የማቆያው ሞግዚት ግን ሁለቱንም ምክር አልተቀበለችም። ደብተር አወጣችና ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረና ከንክሻው በፊት ምን እንደተፈጠረ መጻፍ ጀመረች።

በዚህ ዕድሜ መንከስና መምታት የክፉ አስተዳደግ ምልክት ነው ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሪቻርድ ትሬምብሌ በካናዳ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትሎ ያሳየው የብዙዎችን ግምት የሚገለብጥ ነው። ሰው በብዛት የሚማታው በጉርምስና ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዓመቱ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ልጆች ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጅ መምታትን ከሌላ እስኪማር አይጠብቅም፤ የሚማረው አለመምታትን ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንዱ ቃል ነው። የሃያ ሁለት ወር ልጅ የሚሰማው ብዙ፣ መናገር የሚችለው ጥቂት ነው። «የኔ ነው» ማለት ሲያቅተው ጥርሱ ይቀድመዋል። ሌላው ራስን መግታት ሲሆን፣ ይህን የሚሠራው የአንጎል የፊት ክፍል ገና በማደግ ላይ ነው። ጥርስ በማብቀል ላይ ከሆነ፣ ከተራበ ወይም እንቅልፉ ከመጣ ደግሞ ያቺው ትንሽ ትዕግሥትም ታልቃለች።

እኛ አዋቂዎችም ነገሩን እናወሳስበዋለን። ልጅ ድንጋይ አደናቅፎት ሲወድቅ «ምታው!» ብለን መሬቱን እናስመታዋለን። የአባቱን ፊት በጥፊ ሲመታ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። «ልብላህ!» እያልን ጉንጩን በከንፈራችን ቆንጠጥ እናደርጋለን። ማክሰኞ ያሳቀው ነገር ረቡዕ ለምን እንደሚያስቆጣ ለሕፃኑ ማን ይነግረዋል?

መልሶ መንከስም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጁ የራሱን ሕመም ከጓደኛው ሕመም ጋር ገና አያነጻጽርም። የሚረዳው ትልቅ ሰውም እንደሚነክስ ነው። በርበሬውም አፉን ያቃጥለዋል፣ በእጁ ከነካካው ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያስተምረውም።

ሞግዚቷ የምታደርገው አጭር ነው። ሁለቱን ትለያያለች፣ ከዚያ መጀመሪያ የተነከሰውን ታቅፋለች። ግርግሩና ትኩረቱ ወደ ነካሹ ከሄደ መንከስ ሰው መጥሪያ ይሆናላ። ቀጥላ ነካሹ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ሳትጮህና ሳትስቅ፣ «መንከስ የለም፤ ያማል» ትለዋለች። ከዚያ የጎደለውን ቃል ትሰጠዋለች፦ «ስጠኝ በል»። ረጅም ምክር የለም፤ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ አይሰማም። የተነከሰው ቦታ በውሃና በሳሙና ታጥቦ በቀዝቃዛ ጨርቅ ይያዛል። ቆዳው ከተበሳ ግን የሰው አፍ ጀርም ስላለው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድና የክትባት ካርዱን ማሳየት ይገባል።

ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ደብተሩ ነው። ከአራቱ ንክሻዎች ሦስቱ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት መካከል፣ ልጆቹ ከምሳ በፊት እጃቸውን ለመታጠብ ጠባቧ ኮሪደር ላይ ሲሰለፉ የደረሱ ናቸው። ርሃብ፣ ድካምና ከኋላ የሚገፋ ጓደኛ አንድ ላይ ገጥመዋል። አራተኛው በአንዲት ቀይ መኪና የተነሳ ጠብ ነው። ስለዚህ ምሳው በግማሽ ሰዓት ቀደም አለ፣ እጅ መታጠቡ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሆነ፣ በዚያች ሰዓት ሞግዚቷ ከልጁ አንድ ክንድ አትርቅም። ከመንከሱ በፊት ሰውነቱ ይወጣጠራል፣ አፉን ይከፍታል፤ ያኔ እጇን መሐል ታስገባለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው አንድ ጊዜ ነከሰ። ቶሎ ባይቀንስ ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ እየባሰ ቢሄድ ወይም በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ማገጣጠም ቢያቅተው የሕፃናት ሐኪም ማየት ነበረበት። እሱ ግን «ስጠኝ»ን በሦስተኛው ሳምንት ተናገረ፤ በጩኸት ቢሆንም።

በአምስተኛው ሳምንት ደብተሩ ላይ አዲስ ስም ገባ፤ ጉንጯን የተነከሰችው ልጅ። ሰዓቱ አራት ከሩብ፣ ከንክሻው በፊት የሆነው፦ ሦስት ልጆች፣ አንድ ቀይ መኪና።