ፕሬሸሩ ለምን አላፏጭ አለ?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ፕሬሸሩ አሁንም አላፏጭ አለኝ። አዲስ ጎማ ገዝቼለት እኮ ነው!» አለች። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ ከጣደች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗታል፤ ቦሎቄው ግን ገና ጥርስ ይሰብራል። እሳቱን ከፍ ብታደርገው፣ ከፍ ብታደርገው ለውጥ የለም። በመጨረሻ የባለቤቷ እናት «እንፋሎቱ የሚያመልጠው ክዳኑ ስለቀለለ ነው፣ ከበድ ያለ ነገር ይጫንበት» ብለው የቡናውን ሙቀጫ አስመጥተዋል።

«ሙቀጫውን ወደ ቦታው መልሱት፣ እሳቱን አጥፊና ድስቱን ሳትነኪው ጠብቂኝ» አልኳትና ወጣሁ። ለምን እንደ ደነገጥኩ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ፕሬሸር ማለት የጋዝና የመብራት ቁጠባ ብቻ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ቦሎቄና ሽምብራ፣ ያረጀ በሬ ሥጋም በተራ ድስት ቀኑን ሙሉ የሚፈጁት ለዚህ ነው። በደንብ የተዘጋ ፕሬሸር ውስጥ ግን ሙቀቱ ወደ 115 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። ልዩነቱን የሚፈጥረው እንፋሎቱ መታመቁ ነው። እንፋሎቱ ካመለጠ እጃችሁ ላይ ያለው ውድ የሆነ ተራ ድስት ነው።

ስለዚህ ፕሬሸር አላፏጭ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» ሳይሆን «እንፋሎቱ በየት እየወጣ ነው?» የሚል ነው። መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል። በክዳኑ ዙሪያ የሚወጣ ከሆነ ጎማው ወይም የክዳኑ አቀማመጥ ነው። በላይኛው ቀዳዳ ወይም በትንሹ የደኅንነት ቫልቭ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው። በየትም የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ወይ እሳቱ ወይም ውኃው አንሷል፣ አለዚያ ቀዳዳው ተደፍኗል። የመጨረሻው አደገኛው ነው።

እህቴ ቤት ስደርስ ድስቱ ቀዝቅዞ ነበር። የሞቀ ፕሬሸር እንፋሎቱ ፈጽሞ ሳይወጣ በጉልበት አይከፈትም፤ እጀታው አልዞር ካለ ውስጡ ገና ጫና አለ ማለት ነው፤ ይጠበቃል። ከፈትነውና ቦሎቄውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠን ክዳኑን ብቻ ይዘን መስኮቱ ጋ ቆምን።

የጀመርኩት ከእንፋሎት መውጫው ቱቦ ነው። ማፏጫውን፣ ማለትም ከላይ የሚቀመጠውን ከባዱን ቆብ፣ አንስቼ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዞርኩና በቱቦው ውስጥ ተመለከትኩ። ጤነኛ ከሆነ በሌላው ጫፍ ክብ ብርሃን ይታያል። የእህቴ ግን ግማሽ ጨረቃ ነበር። በቀጭን ሽቦ ከታች ወደ ላይ ስገፋው የደረቀ የቦሎቄ ልጣጭ ወጣ። ቦሎቄ፣ ምስርና አጃ ሲፈሉ አረፋ ያወጣሉ፤ አረፋው ልጣጩን ተሸክሞ ቱቦው ውስጥ ይሰካዋል። በሙቅ ውኃ አፈሰስኩበት፣ እንደገና ወደ ብርሃን አየሁ፤ አሁን ክብ ነው። የማፏጫውንም ውስጥ በሳሙና አጠብን፤ የሚያርፍበት ጫፍ ላይ ቆሻሻ ከተጋገረ ቆቡ በደንብ አይቀመጥምና እንፋሎቱ ቀስ እያለ ያመልጣል።

የሙቀጫው ነገር ያስደነገጠኝ አሁን ይገባችኋል። ማፏጫው ክብደቱ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ እንፋሎቱ ከሚገባው በላይ ሲታመቅ ቆቡን አንስቶ ይወጣል፤ ፉጨቱም ከዚያ ይመጣል። በላዩ ሙቀጫ ሲጫንበት መውጫው ይዘጋል። ቱቦው ቀድሞውኑ ግማሹ ተደፍኗል። የዚያን ቀን ያዳናቸው እንፋሎቱ በጎን ማምለጡ ነው። ማፏጫው ላይ ምንም ነገር አይጫንም፤ በሽቦ አይታሰርም፤ ከሌላ ድስት በተወሰደ ቆብም አይተካም።

ቀጥሎ በክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሿን የደኅንነት ቫልቭ አየሁ። በብዙዎቹ ክዳኖች ላይ ድስቱ ውኃ ጨርሶ ሲደርቅና ከልክ በላይ ሲግል ቀልጣ እንፋሎቱን የምትለቅ ክፍል ናት። እንፋሎት በእሷ በኩል የሚያፈስ ከሆነ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው፤ በድስቱ ዓይነት በተሠራ አዲስ ትተካለች። በምስማር፣ በእንጨት ወይም በብየዳ የሚደፍኗት አሉ፤ ይህ ከሙቀጫው አይለይም። የእህቴ ደህና ነበረች።

ከዚያ ወደ ጎማው መጣን። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ አጠፍ ስታደርጉት ትንንሽ ስንጥቆች ይታያሉ፤ ስትጨብጡት ተመልሶ አይነፋም። አንዳንዱም ይለጠጥና ከተቀመጠበት ቦይ ሰፍቶ ይጣመማል። የተለጠጠውን ለጥቂት ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ለአንድ ቀን ምሳ ያደርሳል እንጂ መድኃኒት አይደለም። በየጊዜው የሚጠቀም ቤት በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ጎማ መቀየሩ አይቀርም። ልትገዙ ስትሄዱ ክዳኑን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓይን አንድ የሚመስሉ ጎማዎች በወርድም በውፍረትም ይለያያሉ።

የእህቴ ጎማ ግን አዲስ ነው፣ ልኩም ትክክል ነው፣ በክዳኑ ከንፈር ሥር ዙሪያውን ገብቷል። ታዲያ ለምን ያፈስሳል?

እዚህ ላይ ለማንም የምትጠቅም አንዲት ፍተሻ አለች። ሁለት ኩባያ ውኃ ብቻ ድስቱ ውስጥ አድርገን ዘጋነውና ያለ ማፏጫው ጣድነው። ውኃው ሲፈላ እንፋሎቱ በቱቦው ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ያኔ ማፏጫውን በጨርቅ ይዤ አስቀመጥኩትና ዙሪያውን ተመለከትን። ከእጀታው በስተግራ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ውኃ እየተንጠባጠበ «ቱሽ» ይላል። ቦታውን በዓይናችን ያዝን። እሳቱን አጥፍተን ሲቀዘቅዝ ጎማውን አውጥተን ግማሽ ዙር አዞርነውና መልሰን አስገባነው። ከዚያም እንደገና ጣድነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚያፈስሰው ቦታ ከጎማው ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ጎማው ዞሮ ማፍሰሱ በነበረበት ከቀረ ግን ጎማው ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ክዳኑ ወይም የድስቱ አፍ ላይ ነው። የእህቴ በነበረበት ቀረ፤ ከእጀታው በስተግራ። አዲሱ ጎማ የተገዛው በከንቱ ነበር።

ስለዚህ አቀማመጡን ፈተሽን። በመጀመሪያ የክዳኑና የድስቱ እጀታዎች አንዱ በአንዱ ላይ እኩል መግጠማቸውን አየን፤ ትንሽ ከቀረ አልተዘጋም ማለት ነው። የእጀታዎቹን ብሎኖች በጠመንጃ መፍቻ አጠበቅን፤ የላላ እጀታ ክዳኑን ወደ አንድ ጎን ያጋድለዋል። ከዚያ የድስቱን አፍ ዙሪያውን በጥፍሬ ዳበስኩት። ማማሰያን በድስት አፍ ላይ ኳ ኳ አድርጎ የማራገፍ ልማዳችን አሉሚኒየምን ይጎዳል፤ እያንዳንዱ ምት ትንሽ ጉድጓድ ይተዋል፤ እንፋሎት ደግሞ ለጥፍር የምትሰማ ጉድጓድ በቂው ናት። ድስቱን መስታወት ጠረጴዛ ላይ ደፍተንም አየነው፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አፉ ተጣሟል። የተጣመመ አፍ በመዶሻ አይቃናም፤ ያ ድስት ከዚያ በኋላ ተራ ድስት ይሆናል። የእህቴ ከሁለቱም ደህና ሆነ።

የቀረው ክዳኑ ራሱ ነው። ጎማውን አውጥቼ የሚቀመጥበትን ቦይ በጣቴ ዳበስኩ። ከእጀታው በስተግራ ጣቴ ሻካራ ነገር ነካ። በየጊዜው የገነፈለ የባቄላና የሽሮ አረፋ ደርቆ ስስ ቅርፊት ሠርቷል። ድስቱ ሲታጠብ ጎማው ከክዳኑ ወጥቶ ስለማያውቅ አልታየም። ጎማ ስትቀይርም አሮጌውን አውጥታ አዲሱን በቅርፊቱ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ጎማው እዚያች ቦታ ላይ ተነስቶ ስለሚቀር ከድስቱ አፍ ጋር አይገናኝም። ቦዩን በሙቅ ውኃ አርሰን፣ ቆርቆሮ እንዳይፋቅ ብለን በእንጨት ስንጥር ቆፈርነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሁለት ኩባያ ውኃ ጣድን። በስድስተኛው ደቂቃ እንፋሎቱ በቱቦው ወጣ፤ ማፏጫውን አስቀመጥን። በክዳኑ ዙሪያ ጠብታ የለም። ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ማፏጫው ተወዛወዘና ጮኸ። እማማ ከሳሎን «እሰይ!» አሉ።

ቦሎቄውን መልሰን አዲስ ውኃ ጨመርንበት። ሁለት ነገር አስተዋልን። አንደኛ፣ ቦሎቄና ሌላ ጥራጥሬ ስለሚያብጥና ስለሚያረፋ ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ የእህቴ ግን እስከ አፉ ቀርቦ ነበር፤ ልጣጩ ቱቦው ውስጥ የገባውም፣ አረፋው ቦዩ ውስጥ የደረቀውም ከዚህ የተነሳ ነው። ሁለተኛ፣ ውኃ በጣም ካነሰ ለጫና የሚበቃ እንፋሎት ሳይፈጠር ያልቃል፤ የድስቱ መመሪያ ከሚለው ዝቅተኛ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ኩባያ፣ አይወረድም። በመመሪያው ላይ የተጻፈው የማብሰያ ጊዜም ለቆላ ከተማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 10 ደቂቃ የሚለውን 13 አድርጉት።

ምሳው ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ። እህቴ አሁን ድስቱን ባጠበች ቁጥር ጎማውን አውጥታ ለብቻው ታጥባለች፤ ቦዩን በጣቷ ትዳብሳለች፤ ከመጣዷ በፊትም ክዳኑን ወደ መስኮቱ አንስታ ክቧን ብርሃን ታያለች። አሮጌውን ጎማም አልጣለችውም። ስንፈትሸው ለስላሳ ነው፣ ስንጥቅም የለበትም፤ መጠባበቂያ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሙቀጫው ግን ወደ ቡናው ተመልሷል።