ሠላሳ ቀን ለቡሬ አይበቃም፦ ከመስመር ውጭ ላለ ተቀባይ የሚሰጥ የማድረስ ዋስትና

የመልእክት መለዋወጫ ሥርዓቶች ሲነደፉ ተቀባዩ ለጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት ከመስመር ወጥቶ የሚመለስ ሰው እንደሆነ ይታሰባል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ግምት አይሠራም። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ከተማ ርቆ የሚኖር ሰው ኔትወርክ የሚያገኘው ለገበያ ሲወጣ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው ካለቀ ደግሞ መብራት ወዳለበት ቦታ እስኪደርስ ስልኩ ተዘግቶ ይቆያል። በዚህ ላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ሰርቨሩ መልእክትን የሚያቆይበት ጊዜ የማድረስ ዋስትናው ዋና አካል ነው፣ ጊዜው ሲያልፍም ሥርዓቱ ለላኪውም ለተቀባዩም በግልጽ መናገር አለበት በማለት ነው።

ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን

አብዛኞቹ ሥርዓቶች የሚሰጡት ዋስትና «ቢያንስ አንድ ጊዜ ማድረስ» ይባላል። ሰርቨሩ መልእክቱን በወረፋ ያስቀምጣል፤ የተቀባዩ ስልክ «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስም ደጋግሞ ይሞክራል። ሆኖም ወረፋው ማብቂያ አለው። ዋትስአፕ በይፋ እንዳስታወቀው ያልደረሰ መልእክት በሰርቨሩ ላይ የሚቆየው እስከ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ይሰረዛል። ስለዚህ ትክክለኛው ዋስትና «ተቀባዩ በ30 ቀን ውስጥ ከተመለሰ ቢያንስ አንድ ጊዜ» የሚል ይሆናል።

ይህ ገደብ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ በቡሬ አካባቢ በርበሬ ለሚሰበስብለት ሰው ይጽፋል፤ የሰብሳቢው ግንኙነት ተቋርጦ በ100ኛው ቀን ይመለሳል። ነጋዴው በ10ኛው ቀን «አዲስ ዋጋ እስክነግርዎ ይጠብቁ»፣ በ40ኛው ቀን «ዋጋው ስለወረደ ምንም እንዳይገዙ»፣ በ80ኛው ቀን ደግሞ «ባለፈው እንዳልኩዎት ይቀጥሉ» ብሎ ልኳል። ግንኙነቱ ሲመለስ የመጀመሪያው መልእክት 90፣ ሁለተኛው 60፣ ሦስተኛው 20 ቀን ሆኗቸዋል። የማቆያው ገደብ 30 ቀን ከሆነ የሚደርሰው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ሰብሳቢው «ባለፈው» የሚለውን ቃል የሚረዳው ግንኙነቱ ከመቋረጡ በፊት ከነበረው ስምምነት አንጻር ነው፤ ስለዚህ ግዢውን ይቀጥላል። በስክሪኑ ላይ የጎደለ ነገር መኖሩን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም። ነጋዴውም በመጨረሻው መልእክት ላይ ሁለት የራይት ምልክት ስላየ ሁሉም የደረሰ ሊመስለው ይችላል። ወደ ላይ ተመልሶ በቀደሙት ላይ አንድ ምልክት ብቻ መኖሩን ቢያስተውል እንኳ፣ ያ ምልክት መልእክቱ ገና በወረፋ ላይ ይሁን ተሰርዞ ይሁን አይለይም። እንግዲህ የከፋው ጉዳት የመልእክቱ መጥፋት ሳይሆን የቀረው ክፍል ሙሉ መስሎ መታየቱ ነው።

ጉድለቱን የሚያሳይ ቁጥር

ጉድለትን ለማሳወቅ መልእክቶች በእያንዳንዱ ውይይት ውስጥ ተከታታይ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ቁጥሩን መስጠት ያለበት ሰርቨሩ ነው፤ የስልክ ሰዓት ለዚህ አይታመንም። በአገራችን ይህ ተጨማሪ ምክንያት አለው። አንዳንድ ሰው ስልኩን በእጁ ወደ ኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ስለሚያስተካክል ስልኩ ከጠዋቱ 3 ሰዓትን 9፡00 ሳይሆን 3፡00 ብሎ ይመዘግባል። ሥርዓቱ መልእክቶችን በላኪው ሰዓት ቢደረድር የዚህ ሰው መልስ ከጥያቄው 6 ሰዓት ቀድሞ ሊታይ ነው። የላኪው ሰዓት ለእይታ ብቻ ያገልግል፤ ቅደም ተከተሉ ግን በሰርቨሩ ቁጥር ይወሰን።

ስልኩ ሲመለስ «እስከ 10 ድረስ አለኝ፤ የቀረውን ላክ» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፦ የመልእክቱ ይዘት ጊዜው አልፎ ቢሰረዝም ቁጥሩ ግን አይሰረዝ። በምሳሌው መሠረት ሰርቨሩ የሚመልሰው የሚከተለውን ይሆናል፦

```
seq=11  expired
seq=12  expired
seq=13  stored
```

ሰብሳቢው ከመጨረሻው መልእክት በላይ «ሁለት መልእክቶች ጊዜያቸው አልፏል» የሚል መስመር ያያል፤ ከመግዛቱ በፊትም ይጠይቃል። የነጋዴው ስልክ ደግሞ የ11 እና የ12 ቅጂ አሁንም ስላለው ሰርቨሩ ተቀባዩ መመለሱን ሲነግረው እንደገና ሊልካቸው ይችላል። ሆኖም በራሱ መላክ የለበትም። የሦስት ወር ዋጋ እንደ ዛሬ ትእዛዝ ሆኖ መድረሱ ሌላ ስሕተት ስለሚፈጥር ላኪው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ድጋሚ መላክ ድግግሞሽን ያመጣል የሚለው ስጋት በቀላሉ ይፈታል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ላኪው የጠፋው መልእክቱ ይሁን ማረጋገጫው ማወቅ አይችልም፤ ስለዚህ ደግሞ መላክ ግዴታው ነው። ስልኩ ለእያንዳንዱ መልእክት አንድ ጊዜ ብቻ መለያ ከሰጠና ሲደግምም ያንኑ መለያ ከተጠቀመ፣ ተቀባዩ ወገን ሁለተኛውን ቅጂ ለይቶ ይጥለዋል። በቴሌግራም የመላኪያ ጥያቄ ውስጥ `random_id` የተባለው መስክ ለዚሁ የተቀመጠ ነው።

«ለምን ሁሉም አይቀመጥም?»

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ጥያቄ ቀላሉ መንገድ ሁሉንም ማስቀመጥ ነው የሚለው ነው። ቴሌግራም በተለመዱ ውይይቶቹ የሚከተለው ይህንን ነው፤ መልእክቱ በሰርቨር ላይ ስለሚቆይ ከወራት በኋላ የተመለሰ ሰውም ያገኘዋል። ዋጋው ግን የእነዚህ ውይይቶች ምስጠራ ከላኪ እስከ ተቀባይ ያልተዘጋ መሆኑ ነው፤ የአገልግሎቱ ባለቤት መክፈት ይችላል። ሰዎች ስለሚጽፉት ነገር በሚጠነቀቁበት ወቅት ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ከላኪ እስከ ተቀባይ የተዘጋ ምስጥር መልእክትን ለዓመት ማቆየትስ? ለጽሑፍ መልእክት የማከማቻው ወጪ አነስተኛ ነው፤ እንቅፋቱ ቁልፉ ነው። ተቀባዩ በመካከሉ ስልክ ከቀየረ ወይም መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና ከጫነ የድሮው ቁልፍ ስለሚጠፋ በወረፋው ያለው መልእክት ሊከፈት አይችልም። ከላኪው ስልክ እንደገና መላክ ግን በአዲሱ ቁልፍ ስለሚመሰጠር ይህንንም ይፈታል።

መፍትሔው የራሱ ወሰን አለው። የላኪው ስልክ ከጠፋ ይዘቱ አይመለስም፤ ሰርቨሩም ማን ለማን መቼ እንደጻፈ የሚያሳዩ ቁጥሮችን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ስለሆነም ቁጥሮቹ ተቀባዩ ጉድለቱን ማየቱን ሲያረጋግጥ ወዲያውኑ መሰረዝ ይኖርባቸዋል። ያም ሆኖ አንድ መልእክት እንደጎደለው የሚያውቅ ሰው ደውሎ ወይም ሰው ልኮ ይጠይቃል፤ የማያውቅ ሰው ግን ባልተሟላ ቃል ላይ ተመሥርቶ ገንዘቡን ያወጣል።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሠሩ የመልእክት ሥርዓቶች የሚፈተኑት ብዙውን ጊዜ ኔትወርኩን ለጥቂት ደቂቃ በማቋረጥ ነው። ፈተናው ስልኩን ለ100 ቀን ያህል ከመስመር ማውጣትን፣ ሰዓቱን በ6 ሰዓት ማዛባትንና በመካከሉ መተግበሪያውን እንደገና መጫንን ያካትት። ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ሁሉም መልእክት መድረሱ ብቻ አይሁን፤ ያልደረሰውን ሁለቱም ወገኖች ማወቃቸው ይመዘን።