አራት ነጥብ ስላለው ጥያቄ

የባዮሎጂ ፈተና ወረቀት በተመለሰ ቁጥር በየመኝታ ቤታችን የሚሰማው ስሞታ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «የማውቀውን ሁሉ ጽፌ ሳለ ከአራት አንድ ብቻ ሰጡኝ» የሚል ነው። ወዲያውም አራሚው ንፉግ ነው ይባላል። እኔ ለአራሚ ጥብቅና ለመቆም ብዕር አላነሣሁም። ነገር ግን የጎደለው ነጥብ ብዙውን ጊዜ የቀረው ተማሪው በሐሳቡ ይዞት በወረቀቱ ላይ ባላሰፈረው ቃል ውስጥ መሆኑን ለማሳየት እወዳለሁ።

አንድ የታወቀ ጥያቄ እንውሰድ። «ቀይ የደም ሕዋስ በተነጠረ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፤ የሽንኩርት ሕዋስ ግን አይፈነዳም። ምክንያቱን አስረዳ። (4 ነጥብ)» ይላል። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ የሚከተለውን ይመስላል፦ «ውሃው ስለሚበዛ ይገባበታል፤ ስለዚህ ያብጥና ይፈነዳል። ሽንኩርቱ ግን ጠንካራ ስለሆነ አይፈነዳም።»

ይህን የጻፈ ሰው ነገሩን አያውቅም ለማለት አይቻልም። ሆኖም እስቲ በአራሚው ዓይን እንየው። «ውሃው ስለሚበዛ» ማለት ምን ማለት ነው? ሕዋሱ በአንድ ጠብታ ውስጥም ሆነ በአንድ ባልዲ ውስጥ ቢገባ መፈንዳቱ አይቀርም፤ የሚወስነው የውሃው ብዛት ሳይሆን በሕዋሱ ውስጥና ውጭ ያለው የዋተር ፖቴንሺያል ልዩነት ነው። «ይገባበታል» ሲልስ ምን፣ በምን በኩል፣ በየትኛው ሕዋስ ውስጥ ይገባል? የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ ለእኛ ነገሩ ሙሉ ይመስለናል። ይህንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛው መልሳችን ይዘነው ስንገባ በየዓረፍተ ነገሩ «ኢት» እያልን እንጽፋለን፤ አራሚውም የቱ «ኢት» የቱን እንደሚያመለክት የመገመት ግዴታ የለበትም። «ያብጥና ይፈነዳል» የሚለው ደግሞ ጥያቄው ራሱ የነገረንን መልሶ መናገር ነው። «ጠንካራ» የሚለውም ጠንካራው የሕዋሱ የትኛው ክፍል እንደሆነ አይናገርም።

እንግዲህ አራቱ ነጥቦች የት አሉ? ሂደቱን ከመነሻው ተከትለን ብንሄድ ራሳቸው ይገለጣሉ። መጀመሪያ ልዩነቱ አለ፤ ከዚያም ልዩነቱ ያመጣው የውሃ ጉዞ፤ ቀጥሎ ጉዞው በአንደኛው ሕዋስ ላይ ያደረሰው፤ በመጨረሻም በሁለተኛው ላይ ያደረሰው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«የተነጠረ ውሃ ዋተር ፖቴንሺያል በሁለቱም ሕዋሶች ውስጥ ካለው ይበልጣል። ስለዚህ ውሃ በከፊል አሳላፊ በሆነው የሕዋስ ሽፋን በኩል በኦስሞሲስ ወደ ሁለቱም ሕዋሶች ይገባል። ቀይ የደም ሕዋስ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ስሱ ሽፋኑ የሚጨምረውን ግፊት መቋቋም ተስኖት ይቀደዳል። የሽንኩርት ሕዋስ ግን ከሴሉሎስ የተሠራ ግድግዳ ስላለው፣ ግድግዳው ግፊቱን ተቋቁሞ ሕዋሱ ሳይፈነዳ ተወጥሮ ይቀራል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱም ውስጥ አንድ ነጥብ የሚያሰጥ አንድ ሐሳብ አለ። «ወደ ሁለቱም» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ወደ ሽንኩርቱ ሕዋስ ውሃ ጭራሽ አይገባም ብለው የሚያምኑ ጓደኞች አሉን፤ ይህች ቃል ጸሐፊው ከእነርሱ ወገን አለመሆኑን ታስታውቃለች። ማወዳደሪያውም የተሠራው በአንድ ነገር ላይ፣ ማለትም በግድግዳው መኖርና አለመኖር ነው። ስለ አንደኛው ግድግዳ፣ ስለ ሌላኛው ቅርጽ ቢጻፍ ኖሮ ሁለት ወሬ እንጂ ማወዳደር ባልሆነ ነበር።

«ለማንኛውም ይጠቅማል» ብሎ ሌላ የሚያውቁትን መደርደር ግን አደገኛ ነው። ከላይ ባለው መልስ ላይ አንዱ «የሽንኩርት ሕዋስ ሽፋን የለውም፤ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው» ብሎ ቢጨምር፣ በሽፋን በኩል ውሃ ገባ ያለውን የራሱን ቃል አፈረሰ። እርስ በርሱ ለሚጋጭ መልስ ነጥብ የሚሰጥ አራሚ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄውም በጥቂቱ ሊለወጥ ይችላል። በተነጠረው ውሃ ፈንታ 0.9 በመቶ የጨው ሙሙት ቢሰጥ ቀይ የደም ሕዋስ ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። ምክንያቱን «ውሃ አይንቀሳቀስም» ብሎ የጻፈ ተሳስቷል፤ ውሃ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይሄዳል፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል በመሆኑ ግን የተጣራ ለውጥ የለም። «የተጣራ» የምትለው ቃል ብቻዋን ነጥብ ልታሰጥ ትችላለች።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ለመምህራኖቻችንም አንድ አቤቱታ አለኝ። የተመለሰው ወረቀት ላይ ቀይ ቁጥር ብቻ ሰፍሮ ከሚመጣ ይልቅ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የተሰጠበት ሐሳብ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከፈተናው በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍልን፣ በየመኝታ ቤቱ የሚደረገው ክርክር ስለ አራሚው ጠባይ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሕዋሱ ግድግዳ ይሆን ነበር።