«ዓዲ ሓቂ» ማለት ያቃተው ምላስ

መቐለ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ በር ላይ ባጃጅ የሚይዝ ሰው «ዓዲ ሓቂ» ሲል፣ ሾፌሩ እንግዳ መሆኑን ለማወቅ ሦስተኛ ቃል አያስፈልገውም። በዚህች አጭር የሰፈር ስም ውስጥ በዛሬው የአማርኛ ንግግር የሌሉ ሁለት የጉሮሮ ድምፆች አሉ፤ ዓ እና ሓ። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አዲ ሀቂ» ይላል። ሾፌሩም በአማርኛ ይመልስለታል። ሰውየው መቐለ አሥር ዓመት የኖረ፣ በትግርኛ ዋጋ የሚከራከር፣ በትግርኛ ለቅሶ የሚደርስ ሊሆን ይችላል። አፉን በከፈተ ቁጥር ግን ገና ትናንት የመጣ ይመስላል።

እንዳ ኢየሱስ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከጎንደርም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከጅማም ተመድበው የመጡ ተማሪዎችና መምህራን እዚህ ኖረዋል። ከመካከላቸው በሠላሳ ዓመቱ የመጣ አንድ መምህርና አብራው የመጣች የአራት ዓመት ልጁ ይታሰቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጅቷ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ማንም አይለያትም። አባቷ ግን ከእሷ የበለጠ የትግርኛ ቃል እያወቀ፣ ጋዜጣ እያነበበ፣ በቅላጼው ይለያል። ቤታቸው አንድ ነው፤ ከተማው አንድ ነው፤ የቆዩበት ዘመንም እኩል ነው። የተለየው የጀመሩበት ዕድሜ ነው።

እንዲህ ባለ አባት ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል። አንዱ «ካረጁ ወዲያ ቋንቋ አይገባም፣ ሳይንሱም ይህንኑ ይላል» የሚል ነው። ሌላው ይከፋል፦ «ይህን ያህል ዘመን ኖሮ በትክክል የማይናገረው ስለሚንቀን ነው» ይላል። አዲስ አበባ ላይ የትግርኛ ወይም የኦሮምኛ ቅላጼ ይዞ አማርኛ የሚናገር ሰውም ይኸው ሁለተኛ ፍርድ ይደርሰዋል። ሁለቱም ፍርዶች ስህተት ናቸው። የመጀመሪያው የሚጠቅሰው ሳይንስ ያላለውን ነው።

«ወሳኝ የዕድሜ ክልል» የሚባለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው ኤሪክ ሌነበርግ ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1967 ወጣ። ዋና ጉዳዩ የውጭ ቋንቋ አልነበረም። የጠየቀው፣ ሕፃን የመጀመሪያ ቋንቋውን ማንም ሳያስተምረው፣ በመስማት ብቻ የሚይዝበት ችሎታ እስከ መቼ ይቆያል የሚለውን ነው። መልሱ ከሁለት ዓመት አካባቢ እስከ ጉርምስና የሚል ነበር። ከማስረጃዎቹ ትልቁ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎች ሁኔታ ነው፤ ልጆች ያጡትን ንግግር ብዙ ጊዜ መልሰው ሲያገኙ አዋቂዎች ግን ይቸገሩ ነበር። ስለ ሁለተኛ ቋንቋ የተናገረው ጥቂት ነው፤ እሱም ሚዛናዊ ነው። ከጉርምስና በኋላ የባዕድ ቅላጼን ማሸነፍ ቀላል እንዳልሆነ ገልጿል፤ እዚያው ላይ ግን ሰው በአርባ ዓመቱም የውጭ ቋንቋ ተምሮ መግባባት እንደሚችል ጽፏል። «አዋቂ ቋንቋ አይማርም» የሚለው እንግዲህ የሌነበርግ ቃል ሳይሆን ሰው የጨመረበት ነው።

ቅላጼን ለብቻው የመረመሩት ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው። ሱዛን ኦያማ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣችው ጥናት አሜሪካ የገቡ 60 ጣሊያናውያንን እንግሊዝኛ አስደምጣ አስመዘነች። የቅላጼውን ክብደት የወሰነው አሜሪካ ሲገቡ የነበራቸው ዕድሜ ነው። የኖሩበት ዘመን ርዝመት ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። «ይህን ያህል ዘመን ኖሮ» ለሚለው ከሳሽ ይህ በቂ መልስ ነው፤ በአዋቂነት የጀመረ ሰው ቅላጼ ከመነሻው ዓመታት በኋላ ጊዜ ስለረዘመ ብቻ አይለቅም።

ሆኖም ነገሩ በጉርምስና ቀን በአንድ ጊዜ እንደሚዘጋ በርም አይደለም። በካናዳ በሚኖሩ 240 የጣሊያን ተወላጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት፣ ቅላጼው ከልጅነት ጀምሮ በዕድሜ ልክ ቀስ በቀስ እየከበደ እንደሚሄድ አሳየ። በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ አምስት ዓመት ላይ ድንገተኛ ገደል አልተገኘም። ቁልቁለት እንጂ ገደል ካልሆነ ደግሞ፣ የአንጎል አንድ ክፍል ስለተቆለፈ ብቻ ነው የሚለው ማብራሪያ አይበቃም። ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

ያ ሌላ ነገር ጆሮ ነው። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የተወለዱ የስድስት ወር ሕፃናት በእንግሊዝኛ የሌሉ የሂንዲ ድምፆችን ይለያሉ። ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ግን ይህ ችሎታ ይደክማል። ሕፃኑ አልሰነፈም። የቤቱ ቋንቋ የሚፈልጋቸውን ልዩነቶች እያጠበቀ የማይፈልጋቸውን ችላ ማለት ተምሯል። አዋቂው አዲስ ቋንቋ ሲሰማ በዚህ በተሠራ ወንፊት ውስጥ ያሳልፈዋል። የቀረበ ድምፅ ሲመጣ ጆሮው «ይህንን አውቀዋለሁ» ብሎ ከድሮው ድምፅ ጋር ይደባልቀዋል። ከዚያ በኋላ አፉ የሚደግመው የተባለውን ሳይሆን የሰማ የመሰለውን ነው።

በትግርኛ ላይ ይህ እንዴት እንደሚሠራ «መሃረ» እና «መሓረ» ያሳያሉ። የመጀመሪያው አስተማረ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ይቅር አለ፣ ምሕረት አደረገ። በሃ ጊዜ አየሩ በጉሮሮ ሳይታነቅ ያልፋል። በሓ ጊዜ የምላስ ሥር ወደ ኋላ ተስቦ ማለፊያውን ያጠብበዋል። አማርኛ ይህን ልዩነት ከንግግሩ ስለጣለ ሁለቱ ቃላት ተዋህደውበታል፤ «ተማረ» ሲባል ትምህርት ቀሰመም፣ ምሕረት አገኘም ሊሆን ይችላል። ለአማርኛ ጆሮ ልዩነቱ ሊሰማ የሚገባው ነገር አልነበረም።

በዚህ ላይ ፊደሉ አለ። አማርኛ አንባቢ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያለ ፊደል ሲቆጥር፣ በስም የተለያዩትን በድምፅ አንድ አድርጎ ነው የሚማረው። አልፋው አ እና ዓይኑ ዐም እንዲሁ። ስለዚህ መምህሩ መቐለ ላይ በታፔላ የተጻፈ «ሓ» ሲያይ አዲስ ነገር ያየ አይመስለውም። የሚያውቀውን ፊደል በሚያውቀው ድምፅ ያነበዋል። ጭራሽ ሰምቶት የማያውቀው ፊደል ቢሆን ኖሮ ቆም ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከማያውቁት ይልቅ የሚያውቁት የሚመስለው ያሳስታል። በአንጻሩ የአራት ዓመቷ ልጅ ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰማችውን ነው የምትለው።

ታዲያ አዋቂ ፈጽሞ አይሆንለትም? በጥቂቱ ይሆናል። በጥናት ላይ «ጁሊ» ተብላ የተጠራች እንግሊዛዊት በ21 ዓመቷ ግብፃዊ አግብታ ካይሮ ገባች። ባሏ ወዲያው ለውትድርና ተጠርቶ፣ እንግሊዝኛ ከማያውቁ ዘመዶቹ ጋር 45 ቀን ኖረች። ዓረብኛም ሓ እና ዓ አሉት። ክፍል ገብታ አልተማረችም፤ የዓረብኛ ጽሕፈትም አታውቅም ነበር። ግን ሰዎች እንዴት እንደሚናገሩ በትኩረት ታጤን፣ ሲያርሟትም ልብ ትል ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ ድምፅዋን ከሰሙት ግብፃውያን ዳኞች አብዛኞቹ የአገሩ ሰው ናት አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው፤ ጥናት የተጻፈላትም ብርቅ ስለሆነች ነው። ግን መኖሯ በሩ እንዳልተቆለፈ ይመሰክራል።

ለመምህሩም ቢሆን ችግሩ ከጆሮ ይሁን ከአፍ የሚለይበት ቀላል መንገድ አለ። የትግርኛ ተወላጅ የሆነ ጓደኛው «መሃረ» እና «መሓረ»ን እያቀላቀለ፣ አፉን ሸፍኖ፣ ሃያ ጊዜ ይበልለት፤ እሱ የሰማውን ይጻፍ። አሥር አካባቢ ካገኘ በግምት ነው የመለሰው፤ ጆሮው ገና አልለየም፤ ጉሮሮውን ማስጨነቅም ዋጋ የለውም። አሥራ ስምንት ካገኘ ግን ጆሮው ደርሷል፤ የቀረው የአፍ ልምምድ ነው። በጃፓናውያን ላይ በእንግሊዝኛ የ«ር» እና የ«ል» ድምፆች የተደረጉ ጥናቶች፣ አዋቂ ሰው ከብዙ የተለያዩ ሰዎች አፍ ለሳምንታት እየሰማና ስህተቱ እየተነገረው ቢለማመድ መስማቱም አነጋገሩም እንደሚሻሻል አሳይተዋል። መሻሻል ማለት ግን ቅላጼው ጠፋ ማለት አይደለም።

መጥፋትስ አለበት? መሪ ማንሮና ትሬሲ ደርዊንግ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት፣ አድማጮች «ቅላጼው ከባድ ነው» ያሉትን ንግግር ራሱ ቃል በቃል በትክክል ጽፈውታል። የቅላጼ ክብደትና የመግባባት ችግር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህሩ «መሃረ» እና «መሓረ»ን ለይቶ መናገር ቢችል ይበጀዋል፤ ትርጉም ይለያልና። «ዓዲ ሓቂ»ን በትክክል ባይጠራው ግን ባጃጁ የትም አያደርሰው አይባልም።

ቅላጼን የታማኝነት መለኪያ ማድረግ የት እንደሚያደርስ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ተተርኳል። በዮርዳኖስ መሻገሪያ የቆሙ የገለዓድ ሰዎች አላፊውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል አሉት። የኤፍሬም ሰው «ሺ»ን ማለት ስለማይችል «ሲቦሌት» ይል ነበር፤ በዚያች አንዲት ፊደልም ይታረድ ነበር። የኤፍሬም ሰው «ሺ» ማለት ያልቻለው የገለዓድን ሰው ስለጠላ አልነበረም። እናቱ ቤት ስላልሰማው ነው። በዚህ አገርም በጦርነቱ ዓመታት ሰው በቅላጼው የተጠረጠረበት፣ አፍ መክፈት ያስፈራበት ጊዜ አልፏል። ወንዙ ይለያይ እንጂ ፈተናው ያው ነበር።

ቅላጼ የሚናገረው አንድ እውነት ብቻ ነው፤ ሰውየው ሕፃን ሳለ ጆሮው የት እንደነበረ። አገሩን ስለመውደዱ፣ ጎረቤቱን ስለማክበሩ፣ ቋንቋውን ስለማወቁ ምንም አይናገርም። በሠላሳ ዓመቱ ጀምሮ «አዲ ሀቂ» የሚል ሰው አለመጣጣሩን ሳይሆን ዘግይቶም ቢሆን መጀመሩን ነው ያሳየው። ሾፌሩ በትግርኛ ቢመልስለት ይሻላል። ጆሮው የሚማረው እንደዚያ ነው።