ላኪውን አመስግነን የመጣውን ረሳን

ዛሬ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት በራሳችን ቤት የሠራነውን ስሕተት እንናገራለን።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባት ለአገልግሎት አዋሽ ሰባት ሄዷል፤ እናት ከሦስቱ ልጆቻችን ጋር ሰመራ ቀርታለች። ሐሙስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትልቋ ልጃችን ሕመም ጠናባት። ማታ እምብርቷ አካባቢ የጀመራት ቁርጠት ወደ ቀኝ ወደ ታችኛው ሆዷ ወርዶ፣ ማስመለስና ትኩሳት ተጨመረበት። አዋሽ ያለው አባት ስልኩን ይዞ ከመጸለይ በቀር ማድረግ የሚችለው አልነበረም። በመካከላችን ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ በዚያ ሰዓትም የሚሳፈሩበት መኪና የለም።

ሰመራ በሙቀቱ ወራት ሰው አልጋውን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ነው የሚያድረው። ጎረቤታችን የአፋር ተወላጅ፣ ሙስሊም አባት ናቸው። የልጅቷን ጩኸት ከአጥር ወዲያ ሰምተው፣ ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ። መኪናቸውን አስነሥተው ልጅቷንና እናቷን ዱብቲ ሆስፒታል አደረሱ። ትርፍ አንጀት ነበር፤ ገና አልፈነዳም። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ሰውየው በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ባለቤታቸው ደግሞ ሁለቱን ትንንሾች ወስደው ሁለት ቀን አብልተው አሳደሩልን።

በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤ ፊት ቆመን መሰከርን። «እግዚአብሔር በሌሊት መኪና ላከልን!» አልን። ሕዝቡ እልል አለ። የድምፅ ማጉያችን የሚሰማው እስከ ሰፈሩ ነው። በማግስቱ የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ልጃችንን በአጥር በኩል ጠየቃት፦ «ያ መኪና የአባቴ አይደለም እንዴ?»

ወገኖች፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። የመኪናውን ጎማ ሳይቀር ለእግዚአብሔር ስንሰጥ፣ ከእንቅልፉ የተነሣውን ሰው ከታሪኩ አውጥተነው ነበር።

ይህ የእኛ ቤት ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ብዙ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ትተው ወጡ። ከዚያ ወራት የሰማናቸው ምስክርነቶች «ጌታ ጠበቀን» ይላሉ፤ እውነትም ጠብቆናል። ነገር ግን ምንጣፉን ያካፈለው ማን ነበር? ሽማግሌዎችን ደግፎ ያወጣ ማን ነበር? ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሣም።

አንዳንድ አገልጋዮች ይህንን ልማድ በሥነ መለኮት ሊደግፉት ይሞክራሉ። «ሰውን ማመስገን ከእግዚአብሔር ክብር መቀነስ ነው» ይላሉ። እስቲ ቃሉን እንይ። በሐዋርያት ሥራ 27 ላይ ጳውሎስ በማዕበሉ መካከል ከመልአክ የተስፋ ቃል ተቀበለ፤ አብረውት ያሉት ሁሉ እንደሚተርፉ ተነገረው። ሉቃስ ታሪኩን በዚያ ሊዘጋው ይችል ነበር። አልዘጋውም። ምዕራፍ 28 ላይ የመላጥያ ሰዎች ከዝናቡና ከብርዱ የተነሣ እሳት አንድደው እንደተቀበሏቸው፣ ደግነታቸውም ያልተለመደ እንደ ነበረ ጻፈ። ሦስት ቀን ያስተናገዳቸውን የፑፕልዮስን ስምም መዘገበልን። እነዚህ ሰዎች የጳውሎስን ጌታ ገና አያውቁም ነበር። ሉቃስ መልአኩን ስለ ጻፈ እሳት አንዳጆቹን አልሰረዘም።

ሮሜ 16ም አለ። ጳውሎስ ስለ እርሱ ነፍስ አንገታቸውን ለሞት ያቀረቡትን ጵርስቅላንና አቂላን ያመሰግናል። በግሪኩ የተጠቀመበት ቃል አብዛኛውን ጊዜ በመልእክቶቹ ለእግዚአብሔር ምስጋና ሲያቀርብ የሚጠቀምበት ያው ቃል ነው። ያንን ቃል ለሰዎች ሲያውለው አልፈራም። እኛ ከጳውሎስ ይልቅ ለእግዚአብሔር ክብር ቀናተኞች ነን?

የገዛ ቋንቋችንም ይፈርድብናል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስንል በአንድ ቃል ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፦ ሰጪው እግዚአብሔር፣ ተቀባዩ ያ የረዳን ሰው፣ እና ባለ ዕዳው እኔ። «ልኝ» የምትለው ትንሽ ጭራ «ዕዳው የእኔ ነው፤ እኔ ከፍዬ አልጨርሰውምና እርሱ ስለ እኔ ይስጥህ» ማለት ናት። «መኪና ላከልን» ስንል ግን ሁለት ብቻ ይቀራሉ፤ እግዚአብሔርና እኛ። ሰውየው መኪና ሆነ።

ሁለተኛም ስሕተት አለ፤ የመጀመሪያውን ለማረም ስንነሣ ልንወድቅበት የቀረብነው እርሱ ነው። ከመካከላችን አንድ ወንድም «የምስጋና ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ውስጡም የወንጌል ጥቅስ አስገቡ፤ ጥሩ በር ነው» አለን። እንቢ አልን። ወንጌልን አናፍርበትም፤ ሰውየው ስለ እምነታችን ቢጠይቁን በደስታ እንነግራቸዋለን። ነገር ግን ከበስተጀርባው መንጠቆ ያለው ምስጋና፣ ምስጋና አይደለም። የልጃችንን ሕይወት ያተረፈ ሰው ደብዳቤያችንን ከፍቶ ራሱን እንደ ዓሣ ሊያገኘው አይገባም።

ታዲያ ምን ጻፍን? ስድስት መስመር ብቻ፦

«ጋሼ፣
ሐሙስ ሌሊት በስምንት ሰዓት የልጃችንን ጩኸት ሰምተው ሳንጠራዎት መጡ።
ዱብቲ አደረሱልን፤ ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅም በር ላይ ቆመው ጠበቁ።
ባለቤትዎ ሁለቱን ትንንሾች እንደ ልጆቻቸው ያዙልን።
ልጃችን ዛሬ ቤቷ ናት፤ ከእናንተ የተነሣ ነው።
እግዚአብሔር ይስጥልን።»

እያንዳንዱን መስመር ያስቀመጥነው አስበን ነው። ሰዓቱን የጻፍነው ሰውየው የከፈሉት እንቅልፋቸውን ስለ ሆነ ነው፤ «ስለ ትብብርዎ» ብንል ለማንም የሚሆን ደብዳቤ ይሆን ነበር። ሚስታቸውን የጠቀስነው ሥራው የሁለቱም ስለ ሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ መኪና የነዳው ይመሰገናል፣ ልጆች የያዘችው ትረሳለች። «ከእናንተ የተነሣ» የሚለውን ስንጽፍ ብዕራችን ትንሽ ቆመ፤ ጳውሎስን አስታውሰን ጻፍነው። ስለ ነዳጅ አንድ ቃል አላነሣንም፤ ሒሳብ የገባበት ምስጋና ውለታውን ዋጋ ተምኖ የሚዘጋው ይመስላል። ይቅርታችንንም በወረቀቱ ላይ አልጨመርነውም። እርሱ በአፍ የሚነገር ነበር።

ማታ ሁላችንም ሄድን። ወረቀቱን ልጃችን ራሷ አነበበችላቸው። ከዚያ አባት እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ እሑድ ዕለት ስለ መኪናው ተናግረን ስለ እርስዎ ዝም አልን። ይቅር ይበሉን።» ሰውየው እጃቸውን አወዛወዙና «ጎረቤት አይደለን?» አሉ፤ ቀጥለውም «ልጅቷ እህል መብላት ጀመረች?» ብለው ጠየቁ። ትንሹ ልጅ ግን ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ቤት ይዞት ገባ።

በሚቀጥለው እሑድ ምስክርነታችንን በዚያው ድምፅ ማጉያ አስተካከልን። ስማቸውን ለመጥራት አስቀድመን ፈቃዳቸውን ጠየቅን፤ ፈቀዱልን። እግዚአብሔርንም አመሰገንን፤ ክብሩ አንዲት ጠብታ አልጎደለም።

ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት ለምስክርነት ከመቆማችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ቢሰማኝ፣ ራሱን በውስጡ ያገኘዋልን? ካላገኘው፣ መድረኩን ትታችሁ መጀመሪያ ደጁን አንኳኩ።