ለሰርግ አዘጋጅ ኢንቦክስ የምትጽፉ ልብስ ሰፊዎች፣ ፎቶውን ቀንሱና ቀኑን ጻፉ

ሰሞኑን ቤተሰብ ልጠይቅ አንበሳሜ ሄጄ ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ሱቅ በር ላይ ቡና እየጠጣሁ ስልካቸውን አቀበሉኝና «እስቲ ይችን እያት፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው። የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ያችኑ የእግር ሲንገራቸውን ይረግጣሉ። ስልኩ ላይ ያለው ባሕር ዳር ለምትሠራ አንዲት የሰርግ አዘጋጅ በቴሌግራም የተላከ መልእክት ነው። ታይቷል፣ ሁለቱም ምልክት አለ፣ መልስ የለም።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ውዴ እንዴት ነሽ፣ ማንኛውንም አይነት የሰርግ ልብስ በጥራትና በተመጣጣኝ ዋጋ እንሰራለን፣ አብረን እንስራ።» ከሥሩ 14 ፎቶ ተደርድሯል። ጋሼ በሕይወታቸው ሰው «ውዴ» ብለው አያውቁም። የጻፈው ተለማማጁ ልጅ ነው። ከፎቶዎቹ ዘጠኙ ደግሞ አዲስ አበባ ካሉ ዲዛይነሮች ገጽ የወረዱ ናቸው።

እኔ ባሕር ዳር ከአንዲት የሰርግ አዘጋጅ ጋር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ኢንቦክሷን የምከፍተው እኔ ስለነበርኩ ይሄን መልእክት ገና ሳላነበው አውቀዋለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ በቀን አምስት ስድስት ይመጣል፤ ከዲኮር፣ ከቪዲዮ፣ ከሜካፕ፣ ከልብስ ሰፊ። ሁሉም «በጥራት» ይላል፣ ሁሉም «በተመጣጣኝ ዋጋ» ይላል። ክፋት አይደለም፣ ግን የሚመለስ ነገር የለውም። «ማንኛውንም አይነት» ላለ ሰው ምን ብዬ ነው ጥያቄ የምጠይቀው?

ልብስ ሰፊዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። አዘጋጇ ሙሽራ አይደለችም። ሙሽራዋ ቀሚሱ ያምራል ወይ ትላለች፤ አዘጋጇ በቀኑ ይደርሳል ወይ ነው የምትለው። እኛ ጋ አንድ ጊዜ የአራት ሚዜዎች ቀሚስ የመጣው ሙሽራው ደጅ ላይ ደርሶ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው። ሁለቱ ቀሚሶች ዚፓቸው አልዘጋ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ከኋላ ያያዝኩት እኔ ነኝ፤ ነጠላ አልብሰን ሸፈንነው። ቀሚሶቹ ግን ያምሩ ነበር! ከዚያ ቀን ወዲህ አለቃዬ የዚያን ልብስ ሰፊ ስልክ አላነሳችም። ቆንጆ ይስፋ አይስፋ ጉዳይዋ አልነበረም።

ስለዚህ ጋሼን የጠየቅኳቸው ስለ ዋጋ አልነበረም። «አንድ ሙሽራና አራት ሚዜ ለመስፋት ስንት የሥራ ቀን ይፈጅብዎታል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ጥልፍ ያለው የሙሽራ ቀሚስ ስድስት ቀን፣ የሚዜ አንዱ ቀን ተኩል አሉ። ድምሩ 12 የሥራ ቀን ነው። «አየህ፣ ሁለት ሳምንት ነው» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ካላንደሩን ከግድግዳው አወረድንና የመጪውን የ2019ን ጥር አብረን ቆጠርን።

ሰርጉ እሑድ የካቲት 7 ነው እንበል። ልክ የተወሰደው ቅዳሜ ጥር 1 ነው። ሥራ የሚጀመረው ሰኞ ጥር 3 ሲሆን ልብሱ ለሙከራ የሚቀርበው ቅዳሜ ጥር 22 ነው። በመሀል ያለው 19 ቀን ነው፣ ብዙ ይመስላል። ሁለት እሑድ ይወጣል። ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ፣ ሦስት ቀን ይወጣል። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት፣ እሷም ትወጣለች። የቀረው 13 ቀን ነው። ሥራው 12 ቀን ይፈልጋል። ሲንገሩ ቢሰበር፣ ለቅሶ ቢመጣ፣ ተለማማጁ ቢታመም ያላቸው ትርፍ ቀን አንድ ብቻ ነው።

ጋሼ ዝም አሉ። ባለፈው ጥር ሦስት ሰርግ ተቀብለው ነበርና። ሦስተኛውን እንዴት እንደጨረሱት ሲነግሩኝ ሌሊት በባትሪ መብራት ነው።

በዚህ አካባቢ ሰርግ በዓመቱ ላይ እኩል አይከፋፈልም። የፎገራ ሩዝ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰባል፣ እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል። የነቢያት ጾም በገና ይፈታል፤ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ክፍተት ላይ ሁሉም ሰው ልጁን ይድራል። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ላይ ስለሚውል ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ በመሀል ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል። ከ2018 ጋር ሲተያይ ክፍተቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ይረዝማል፤ ያኔ ጾሙ የገባው የካቲት 9 ነበር። ይሄ ለልብስ ሰፊ ትልቅ ዜና ነው። ግን እንደኔ ሐሳብ ሰፊው በዚያ ትርፍ ጊዜ ማድረግ ያለበት ተጨማሪ ሰርግ መውሰድ ሳይሆን የማስረከቢያውን ቀን ወደፊት ማምጣት ነው።

ፎቶዎቹን በተመለከተ የተጨቃጨቅነው ቀላል አይደለም። ዘጠኙን የሰው ሥራ አጠፋሁባቸው። አዘጋጇ እነዚያን ቀሚሶች ከነባለቤታቸው ታውቃቸዋለች፤ አንዷን ካወቀች የእሳቸውን አምስቱንም አታምናቸውም። ከአምስቱ ሦስት አስቀረን። አንዱ ቀሚሱ ሰው ለብሶት ከፊት፣ አንዱ ከጀርባ፣ ሦስተኛው ተገልብጦ። በሦስተኛው ጋሼ ሳቁብኝ፣ «የልብስ ውስጥ ለሰው ይታያል እንዴ?» ብለው። አዘጋጅ የምታየው እሱን ነው እኮ። የጥልፉ ጀርባ በገበር ካልተሸፈነ ክሩ የሙሽራዋን ደረትና አንገት ቀኑን ሙሉ ሲበላት ይውላል፣ ፊቷ ላይም ይታያል። ወገቡ ላይ ለማስፋት የተተወ ትርፍ ጨርቅ ካለ ከሰርጉ በፊት መስተካከል ይችላል፤ ከሥሩ ተቆርጦ ከሆነ አይችልም። ይሄን ሁሉ አንድ የተገለበጠ ፎቶ ይናገራል።

ሌላው መንገዱ ነው። ሁላችንም ያለንበትን ሁኔታ እናውቃለን፣ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ከአንበሳሜ ባሕር ዳር መኪና የማይንቀሳቀስበት ቀን አለ። አንበሳሜ ያለ ልብስ ሰፊ ይሄን ደብቆ «ችግር የለም» ካለ አዘጋጇ ትስቃለች፤ እሷም እዚሁ ክልል ነው የምትኖረው። ይልቅ ልብሱ ከሰርጉ ስምንት ቀን ቀድሞ ባሕር ዳር ይገባል ቢል ትሰማዋለች። ደሞ 2015 ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ምን እንደሆንን አንርሳ፤ ሥራው ሁሉ ቴሌግራም ላይ የነበረ ሰው ደንበኛውን የሚያገኝበት ጠፋው። መልእክቱ ያለ ፎቶም የሚገባ፣ በተራ አጭር መልእክት መላክ የሚችል፣ ስልክ ቁጥር ያለበት ይሁን።

የኮሚሽን ነገር የሚያጣላን ይመስለኛል፣ ግን ልበለው። ብዙ ሰፊዎች «የእርስዎን እናስብልዎታለን» ብለው ይጽፋሉ። ይሄ ማለት ሙሽራዋ ላይ ጨምረን እንሰጥሻለን ነው። ሙሽራዋ ነገ ከአክስቷ ልጅ ትክክለኛውን ዋጋ ትሰማለች፣ ያኔ የምታፍረው አዘጋጇ ናት። አዘጋጅ ድካሟን ከሙሽራዋ በግልጽ ትጠይቅ፤ ሰፊ ለሁሉም አንድ ዋጋ ይናገር።

በመጨረሻ የላክነው ይሄ ነው። ጋሼ እየተናገሩ እኔ ጻፍኩት፦

«ጤና ይስጥልኝ። አንበሳሜ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሙሽራና የሚዜ የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ ቬሎ አልሰፋም። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም የምቀበለው ሁለት ሰርግ ብቻ ነው፣ አንዱ ተይዟል። ለአንድ ሙሽራና ለአራት ሚዜ ልክ የምወስደው ከሰርጉ አምስት ሳምንት በፊት ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት አስሞክራለሁ፣ ልብሱን ከሰርጉ ስምንት ቀን ቀድሜ አስረክባለሁ። ለልክም ለሙከራም ባሕር ዳር እኔ እመጣለሁ። ጨርቁን ሙሽራዋ ብትገዛ ደስ ይለኛል፤ እኔ ከገዛሁ ቀብዱ የጨርቁ ዋጋ ነው፣ የእጅ ዋጋዬን ስትረከብ ትከፍላለች። ዋጋዬ በእርስዎ በኩል ለመጣም በራሱ ለመጣም አንድ ነው። ሦስት ፎቶ ልኬያለሁ፣ ሦስቱም የእጄ ሥራ ናቸው፤ አንዱ ተገልብጦ የተነሳ ነው። ቢደውሉልኝ ደስ ይለኛል።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

«ሁለት ብቻ» የሚለውን ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል። ጋሼ «ሥራ ፈላጊ ሰው እንዴት ሥራ አልቀበልም ብሎ ይጽፋል? ዕድሌን በገዛ እጄ ልዝጋ?» አሉ። ልክ ናቸው፣ ያሳስባል። ልጆች የሚያስተምሩት በዚች ሲንገር ነው። ሁለተኛው ሰርግ ባይመጣ ያ ወር በዩኒፎርም ጥገና አይሞላም። ግን ባለፈው ዓመት ሦስተኛዋ ሙሽራ ምን አለች ብዬ ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፣ «ጻፈው» አሉ።

«ቬሎ አልሰፋም» የሚለውንም ተለማማጁ ተቃውሞ ነበር። ቬሎ ባሕር ዳር የሚከራይ ዕቃ ነው፣ ሰው አያሰፋውም ማለት ይቻላል። እሱን መተው ምንም አያጎድልባቸውም፤ አዘጋጇ ግን የሚችለውንና የማይችለውን የለየ ሰው መሆኑን ታይበታለች።

መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ በጽሑፍ አይደለም፣ ደወለች። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፦ «አባቴ፣ ልክ ከተወሰደ በኋላ ሙሽራዋ ብትከሳስ?» ጋሼ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው እጃቸው ጨርቅ ላይ እንዳለ «ልጄ፣ ሙሽራ ሁሉ ትከሳለች። ለዚህ እኮ ነው ሙከራው ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሆነው። ወገቧን አጠባለሁ፣ ደረቷን ግን እስከ ሙከራው አልዘጋውም» አሏት። ከዚያ እሷ የሰርጉን ቀን ነገረቻቸው፣ የካቲት 21። ጋሼ ካላንደሩን እንዳቀብላቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ።