ሙግት፦ ኩላሊት ሰጪዋ ከአዲስ አበባ ስትመጣ

ሽፋኑ አለ፤ የሚያስቀረን ፍርሃት ነው
*በቨርጂኒያ የእጥበት ማዕከል የሚሠራ ማኅበራዊ ሠራተኛ*

በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ የሚውሉ ወገኖቻችንን አውቃለሁ። ብዙዎቹ ኩላሊት ልትሰጥ የተዘጋጀች እኅት አገር ቤት አለቻቸው። «ኢንሹራንሴ ጣሪያው ላይ ደርሶ ይቋረጥብኛል» ብለው ግን ዓመታት ይቀመጣሉ። ፍርሃቱ የዱሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ የጤና ሕግ በፊት ብዙ የግል ኢንሹራንሶች ለአንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የሚከፍሉት ገንዘብ ወሰን ነበረው። ዛሬ መደበኛ ኢንሹራንስ ለመሠረታዊ ሕክምና እንዲህ ያለ ወሰን እንዳያስቀምጥ ተከልክሏል። አሁንም ወሰን የሚያጋጥመው ለጉብኝት ለመጡ ወላጆች በምንገዛው የጉዞ ኢንሹራንስና በአጭር ጊዜ ውሎች ላይ ነው።

ሜዲኬርም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኩላሊቱ የደከመን ሰው ዕድሜውን ሳይጠይቅ ይሸፍናል። የሚጠይቀው የሥራ ታሪክ ነው፤ ታማሚው ወይም የትዳር ጓደኛው ግብር እየከፈሉ በቂ የሥራ ነጥብ ማጠራቀም አለባቸው። ታክሲ ነጂዎቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በጥሬ ገንዘብ ሠርቶ ገቢውን ያላስመዘገበ ሰው ነጥብ ጎድሎት ሲመለስ አይቻለሁ።

የሰጪዋ ምርመራ፣ ቀዶ ሕክምናና የሆስፒታል ቆይታ በተቀባዩ ኢንሹራንስ ይከፈላል። ትኬቷን፣ ማረፊያዋንና የቀረባትን ደመወዝ ተቀባዩ ቢሸፍንላት ሕጉ አይከለክልም፤ እ.ኤ.አ. የ1984ቱ ሕግ የከለከለው ኩላሊት መግዛትና መሸጥን ነው። ደረሰኝ ይያዝ፣ ከአሠሪዋ የደመወዝ ደብዳቤ ይምጣ። ኢንሹራንሱ ራሱ ለሰጪ እጅ በእጅ መክፈል ከጀመረ ግን፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ድሃዋ እኅት «አንቺ ሂጂ» እንደምትባል እፈራለሁ።

ፈቃዱስ አለ፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?
*ለወንድሟ ኩላሊት የሰጠች፣ አዲስ አበባ*

ተቀባዩ ይክፈል ይላሉ። ወንድሜ ማሽን ላይ ውሎ፣ ደክሞ ወጥቶ፣ ስንት ሰዓት መኪና ይነዳል? ሜዲኬር ከእጥበቱ ሰማንያ በመቶ ሲከፍል ቀሪው ሃያ በመቶ እሱ ላይ ነበር። ትኬቴን የቆረጡልኝ የእድሩ ሰዎች ናቸው።

የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው፤ የደመወዝ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አሠሪ የለኝም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳላነሳ ተነገረኝ። ከዚያ በፊት የምርመራው ጊዜ አለ። በዚህ ሁሉ የሱቁ ኪራይ አልቆመም፤ ደንበኞቼም ሌላ ሰፊ ጋ ሄዱ። አቅም ለሌላቸው ሰጪዎች ጉዞና የቀረ ገቢ የሚሸፍን የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ አለ ሲባል ጠየቅን። ሰጪዋም እዚያው በሕጋዊ መንገድ የምትኖር መሆን አለባት ተባልን።

ለእጥበት ዕድሜ ልክ የሚከፍል መንግሥት፣ ኩላሊቴ እንዲቆይ ለሚያደርገው መድኃኒት ሦስት ዓመት ብቻ መክፈሉም አይገባኝም። ወንድሜ ያን ጊዜ መግዛት ቢያቅተው የሰጠሁት ኩላሊት ምን ሊሆን ነው?

የማኅበራዊ ሠራተኛው መልስ

እኅቴ፣ የሦስት ዓመቱ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ከ65 ዓመት በታች የሆነና በኩላሊቱ ምክንያት ብቻ ሜዲኬር ያገኘ ሰው፣ ንቅለ ተከላው ከተደረገ 36 ወር ሲሞላ ሽፋኑ ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ግን ሌላ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው፣ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስደውን መድኃኒት ብቻ የሚሸፍን የሜዲኬር ክፍል አለ። ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ የጊዜ ገደብ የለውም። የሐኪም ቀጠሮና የደም ምርመራ ስለማይጨምር ወንድምዎ ለእነዚህ ሌላ ሽፋን መፈለግ አለበት። መመዝገብም የራሱ ድርሻ ነው። ይህን ሳያውቁ ክኒኑን ለማብቃቃት በየሁለት ቀኑ የሚውጡ አሉ፤ የምንደርስበት ክሬአቲኒናቸው ከወጣ በኋላ ነው።

ስለ ገቢዎ፣ የግብር ወረቀትና የኪራይ ውል ማስረጃ ይሆናሉ። ኢንሹራንሱ ይክፈል በሚለው ግን አሁንም አልስማማም።

የሰጪዋ መልስ

የመድኃኒቱን ነገር ለወንድሜ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ማስረጃ ባቀርብም ግን ከፋዩ ያው እሱ ነው። ድሃዋ እኅት ትገፋለች ብለው መስጋትዎ ልክ ነው፤ ዛሬስ የምትከስረው ማን ናት? እኔ ዋጋ አልጠየቅሁም። ኢንሹራንሱ በንቅለ ተከላው የብዙ ዓመት የእጥበት ክፍያ ይቀርለታል፤ ከዚያ ላይ ትኬቱን፣ ማረፊያውንና በማስረጃ የተደገፈ የቀረ ገቢን ለባለ ደረሰኙ ይክፈል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነሳ ቀርቷል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ማዕከል በስድስት ወር፣ በአንድና በሁለት ዓመት ስለ ጤናዬ ሪፖርት ማድረግ አለበት። የደም ግፊቴን፣ ክሬአቲኒኔንና በሽንቴ የሚወጣውን ፕሮቲን ይጠይቁኛል። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም፤ ስለዚህ ውጤቱን እልክላቸዋለሁ፣ የአዲስ አበባውን ላቦራቶሪ የምከፍለው እኔ ነኝ።